በ20ኛው ቀን፦ የጣት ደም ወይስ የደም ሥር ደም?

ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ወጣት ለኤችአይቪ በተጋለጠ በ20ኛው ቀን ሊመረመር መጣ እንበል። በጣት ደም የሚሠራው ፈጣን ምርመራ በአብዛኛው የሚፈልገው ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያመርተውን ፀረ እንግዳ አካል ብቻ ነው፤ በዚህ መንገድ ኢንፌክሽኑን ለማግኘት ከተጋለጡ በኋላ ከ23 እስከ 90 ቀን ይፈጃል። ስለዚህ «ነጋቲቭ» ቢል ገና አያስተማምንም። ከደም ሥር ተቀድቶ ላቦራቶሪ የሚገባው አራተኛ ትውልድ ምርመራ ግን ፒ24 የተባለውን የቫይረሱን ፕሮቲንም ስለሚፈልግ ከ18ኛው ቀን ጀምሮ ኢንፌክሽኑን ሊያገኘው ይችላል፤ እስከ 45 ቀን የሚዘገይበትም አለ። ከተገኘ እኔ ይህንን እመርጣለሁ።

የሚያደናግረው ከዚያ በኋላ የሚሠራው የማረጋገጫ ምርመራ ነው። አራተኛው ትውልድ ምርመራ ፖዘቲቭ ብሎ የፀረ እንግዳ አካል ማረጋገጫው ነጋቲቭ ሲሆን፣ «ማሽኑ ተሳስቶ ነው» ብሎ ሰውየውን መሸኘት አደገኛ ነው። የቫይረሱ የዘር ቁስ የሆነው አርኤንኤ በደሙ ውስጥ መኖሩ ይመርመር፤ ከተገኘ ኢንፌክሽኑ አዲስ ነው፣ ካልተገኘ የመጀመሪያው ውጤት ሐሰተኛ ሳይሆን አይቀርም። በጣት ደም ብቻ የተመረመረ ደግሞ 3 ወር ሲሞላው ይድገም።