ሎጎ በአበባ ጨርቅና በጉንጭ ላይ ሲያልፍ፦ ፎቶሾፕ፣ አፊኒቲ ወይስ ጂምፕ?

ባለፈው ወር አንድ ደንበኛ ከሐረር ወርዶ ድሬዳዋ ከዚራ ያለው ስቱዲዮዬ መጣ። ስልኩን አውጥቶ የእናቱን ፎቶ አሳየኝ። ያነሳሁት ራሴ ነኝ። ቀሚሱ ሐረር መኪና ግርግር ሰፈር የተሰፋ፣ ትንንሽ ቀይ አበባ ያለበት የጥጥ ጨርቅ ነው። በላዩ ላይ ደግሞ የእኔ ሎጎ በሰያፍ ተጋድሟል። ከደረቷ ተነስቶ፣ ጉንጯን ነክቶ፣ ጥቁር ጸጉሯ ላይ ያልቃል። ከታች ቀሚሱ ላይ ቀኑ በደማቅ ቢጫ ተጽፏል።

«አቦ፣ ይሄን ጽሑፍ አንሳልኝና በ30 በ40 አትምልኝ» አለኝ። እናቱ አርፈዋል። ዋናው ፎቶ የነበረበት ሃርድ ዲስክ ከሞተ ቆይቷል። የቀረው እሱ ጋ ያለው ጄፔግ ብቻ ነው። ሎጎው የራሴ ስለሆነ ማንሳቱ አላሳሰበኝም። የሌላ ስቱዲዮ ሎጎ ቢሆን ግን መጀመሪያ ባለቤቱን አስፈቅድ ነበር።

አንድ ነገር ቀድሜ ጠየቅኩት፤ «በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላከው።» እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል። ሲጨመቅ ደግሞ በፊደሎቹ ዙሪያ አቧራ የሚመስል ነጠብጣብ ይፈጠራል። ያን አቧራ ማጽዳት ሎጎውን ከማንሳት ይብሳል። በፋይል ሲመጣ 3000 በ4000 ፒክስል ሆነ። ለ30 በ40 ሳንቲሜትር ህትመት በቂ ነው።

ሥራውን በሦስቱም ፕሮግራሞች ሠራሁት። ብዙ የሙያ ጓደኞቼ «የቱን ልያዝ?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ በዚያው ላወዳድራቸው ብዬ ነው።

በሦስቱም የተጠቀምኩት ዘዴ ፍሪኩዌንሲ ሴፓሬሽን ነው፤ ፎቶውን ለሁለት ሌየር መክፈል ማለት ነው። የታችኛው ብዥ ያለ ነው፤ ቀለምን፣ ብርሃንንና ጥላን ይይዛል። የላይኛው ግራጫ ነው፤ ድርና ማጉን፣ የቆዳውን ቀዳዳ፣ ስስ መስመሮችን ይይዛል። ሁለቱ ሲደራረቡ ዋናውን ፎቶ መልሰው ይሰጣሉ። ጥቅሙ ጨርቅ ላይ ይታያል። በተራ ክሎን ከብርሃኑ ቦታ ጨርቅ ቀድተህ የቀሚሱ እጥፋት ጥላ ውስጥ ብታስቀምጠው፣ ብርሃኑንም አብረህ ታመጣለህ፤ እራፊ ይመስላል። ከላይኛው ሌየር ላይ ብቻ ስትቀዳ ግን የሚመጣው ክሩ ነው። ጥላው ከታች እንዳለ ይቆያል።

ዘዴው የማይችለውም አለ። ሎጎው በስሱ የሚያሳይ ከሆነ ከሥሩ ያለው ጨርቅ አልጠፋም፤ ደብዝዞ ነው ያለው። እንደ ቢጫው ቀን ድፍን ከሆነ ግን ከሥሩ ምንም የለም። እዚያ የትኛውም ፕሮግራም የጠፋውን አያወጣም። ከጎረቤት ቀድተህ ትሞላለህ።

ስለዚህ ሌየር ከመለየቴ በፊት ስሱን ሎጎ ተመለከትኩት። ጸጉሯ ላይ ያለፈውን ፊደል በቀለም መምረጫው ነካሁ። ጥቁር ስለሆነ ወደ 0 መጠጋት ነበረበት፤ የሚያነበው ግን 102 አካባቢ ነው። 102 ለ255፣ ማለትም ለሙሉ ነጭ፣ ሲካፈል 0.4 ነው። ሎጎው ነጭ ነበር፤ ስለዚህ 40 በመቶ ተደርጎ ነው የተለጠፈው ማለት ነው። የሎጎው ፋይል እኔ ጋ ስላለ በፎቶው ላይ ገጥሜ የፊደሎቹን ቅርጽ ሴሌክት አደረግኩ። ከዚያ በ Levels ጥቁሩን ወደ 102 ሳብኩት። አበባው ቀይ ሆኖ ብቅ አለ። ጉንጯም መልኩን አገኘ። የቀረው የፊደሎቹ ጠርዝ ነበር፤ ሁለት ሦስት ፒክስል የምታህል ስስ መስመር። ፍሪኩዌንሲ ሴፓሬሽን የሚያስፈልገው ለእሷ ነው። ለድፍኑ ቢጫ ደግሞ ሙሉ በሙሉ።

ፎቶሾፕ ላይ መለያየቱን የምትሠራው በእጅህ ነው። ፎቶውን ሁለት ጊዜ ታባዛለህ። አንዱን «ታች»፣ ሌላውን «ላይ» ትለዋለህ። «ታች»ን በ Gaussian Blur ታደበዝዛለህ። «ላይ»ን መርጠህ Apply Image ትከፍትና እንዲህ ትሞላለህ፦

```
Layer: ታች
Blending: Subtract
Scale: 2
Offset: 128
```

በመጨረሻ የ«ላይ»ን ሁነታ Linear Light ታደርጋለህ። ይህ ለ8 ቢት ፎቶ ነው። የተለመደው ጄፔግ 8 ቢት ስለሆነ ለእኛ ይበቃል። አንዴ በ Actions ከቀረጽከው ከዚያ በኋላ በአንድ ቁልፍ ይሠራልሃል። ፎቶው በትክክል መለያየቱን የምታውቀው ሁለቱ ሌየሮች ተደራርበው ከዋናው ጋር ምንም ልዩነት ሲያጡ ነው። ቀለሙ ከተለወጠ ከቁጥሮቹ አንዱን ስተሃል።

ትልቁ ጥያቄ የብዥታው ሬዲየስ ነው። የእኔ ፎቶ ላይ አንዱ ክር አራት ፒክስል ያህል ነው፤ የፊደሉ እግር ደግሞ 18። ሬዲየሱን 6 አደረግኩት። «ታች»ን ብቻውን ሳየው ክሩ ጠፍቷል፤ አበባውና እጥፋቱ ግን አለ። የምትፈልገው ይህን ነው። 2 ብታደርገው ክሩ ታች ይቀራል፣ መለያየቱም ትርጉም ያጣል። 25 ብታደርገው አበባውም ወደ ላይኛው ሌየር ይወጣል፣ ያኔ ክር ስትቀዳ አበባም ትቀዳለህ።

ቢጫው ቀን ላይ ፎቶሾፕ ጥሩ ሆኖ አገኘሁት። የቀሚሱ አበባ በየ92 ፒክስሉ ይደጋገማል። ክሎን ስታምፑን Aligned አድርጌ፣ Sample የሚለውን Current Layer ላይ አቆምኩ። ምንጩን የአንዱ አበባ ቅጠል ጫፍ ላይ ነክቼ፣ መቀባቱን የሚቀጥለው አበባ ላይ ከዚያው ጫፍ ጀመርኩ። «ላይ» ላይ ጠንካራ ብሩሽ፣ «ታች» ላይ ለስላሳ ብሩሽ። እጥፋቱ ጨርቁን የሚያዞርበት ቦታ ላይ በ Clone Source ፓነል ምንጩን ጥቂት ዲግሪ አዞርኩት። ይህን ባታደርግ ክሩ መሃል ላይ ይሰበራል። ከሩቅ አይታይም፤ ሲታተም ግን ጠባሳ ሆኖ ይወጣል። Current Layer የሚለውን የረሳ ሰው ደግሞ ግራጫው ሌየር ላይ ባለቀለም ጨርቅ ይለጥፍና ምን እንደነካው ግራ ይገባዋል። እኔም አንዴ ግማሽ ቀን እንዲያ ሄዶብኛል።

አፊኒቲ ላይ ይህ ሁሉ ዝግጅት የለም። Filters ውስጥ Frequency Separation የሚል አለ። ስትከፍተው ፎቶው ለሁለት ተከፍሎ በአንድ በኩል ብዥታው፣ በሌላው ግራጫው ይታይሃል። ሬዲየሱን እየጎተትክ ክሩ ከየት ወደየት እንደሚሄድ በዓይንህ ታያለህ። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አላየሁም። Levels ላይ ግን ቁጥሩ በመቶኛ ስለሆነ በ102 ፈንታ 40 ትላለህ።

ጉንጩ ላይ አፊኒቲ አሸነፈ። ምክንያቱ ከ Gaussian ሌላ Bilateral የሚል ምርጫ ማቅረቡ ነው። Gaussian ሁሉንም እኩል ያደበዝዛል፤ ስለዚህ የፊደሉ ጠርዝ ሁለቱም ሌየር ላይ ይበተናል። Bilateral ግን ደማቅ ጠርዝን ሳያደበዝዝ ይተወዋል። በዚህም የፊደሉ ጠርዝ በአብዛኛው ታች ይቀራል፤ ላይ የቆዳዋ ቀዳዳና ስስ ሽብሽቧ ብቻ ይወጣል። ታች ላይ ሂሊንግ ብራሽ ይዤ ጠርዙን ተከትዬ ሄድኩ። ላይኛውን ብዙም ሳልነካው አለቀ። ፎቶሾፕ ላይ በ Gaussian ፈንታ Surface Blur ብትጠቀም ወደዚያው ትጠጋለህ፤ ግን ቁጥሩን በሙከራ ነው የምታገኘው።

ታች ላይ እጅ ማብዛት አደጋ አለው። መጀመሪያ ጉንጯን በለስላሳ ብሩሽ ደጋግሜ ስላሸሁት ከጉንጭ አጥንቷ በታች ያለው ጥላ ጠፋ። ቀዳዳዎቹ እንዳሉ ናቸው፤ ፊቷ ግን የሷ አልመስል አለ። አፍርሼ እንደገና ሠራሁት። ልጅየው ያን ቢያይ ኖሮ ወዲያው ያውቅ ነበር።

ጂምፕ ነጻ ነው፤ ደካማ ኮምፒውተር ላይም ይሠራል። እዚህ የምትጠቀመው Filters፣ ከዚያ Enhance፣ ከዚያ Wavelet-decompose የሚለውን ነው። ፎቶውን ለሁለት ሳይሆን ለብዙ ይከፍለዋል። ካልቀየርከው አምስት የዝርዝር ሌየርና አንድ ቀሪ ይሰጥሃል። ለቆዳ ጥሩ ነው። ለሎጎ ግን ችግር አለው። የፊደል ጠርዝ ስለታም ስለሆነ ሁሉም ሌየሮች ላይ ትንሽ ትንሽ ይገኛል። አንዱን አጽድተህ ስትጨርስ መናፍስት የመሰለ ፊደል ከሌላው ያይሃል። እኔ ቁጥሩን ወደ 3 ዝቅ አደረግኩት። እንዲያም ሆኖ ያንኑ ጠርዝ አራት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ። ክሎን መሣሪያው ላይ Sample merged የሚለው መጥፋቱን አረጋግጥ። ምንጩን ማዞሪያም ስላላገኘሁለት እጥፋቱ ላይ ቁራጭ ጨርቅ ኮፒ አድርጌ በእጄ አዞርኩ።

ሰዓቱን ልንገርህ። ፎቶሾፕ ሁለት ሰዓት ገደማ ወሰደብኝ፣ አፊኒቲ ከዚያ ጥቂት በለጠ፣ ጂምፕ እስከ ማታ። እጄ የለመደው ፎቶሾፕን ስለሆነ ትንሽ አድልቼ ይሆናል።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ፎቶሾፕ የሚሸጠው በደንበኝነት ነው። በየወሩ ወይም በየዓመቱ በውጭ ምንዛሪ ትከፍላለህ፤ ለዚያ የሚሆን የባንክ ካርድ ያስፈልግሃል። ካርዱ አንድ ወር ካልሠራ ፕሮግራሙም ይቆማል። አፊኒቲ ድሮ አንዴ ከፍለህ የምትገዛው ነበር። ከኦክቶበር 2025 ወዲህ ግን በነጻ ይሰጣል፤ የሚጠይቅህ የካንቫ አካውንት ነው። ጂምፕ አካውንትም አይጠይቅም።

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ያሉ ሱቆች በዲስክ ገልብጠው የሚጭኑልህን የተሰበረ ፎቶሾፕ ንጽጽሩ ውስጥ አላስገባሁትም። ለምን እንደሆነ ኮምፒውተሩ በቫይረስ የተበላበት ሁሉ ያውቃል።

እኔ ብጠየቅ እንዲህ እላለሁ። የሰርግና የልብስ ፎቶ የምትሠራ ከሆነ፣ በሳምንት አምስት ስድስት እንዲህ ያለ ፎቶ የሚመጣልህ ከሆነ፣ ፎቶሾፕ ክፍያውን ያወጣል። Actions ጊዜህን ይመልስልሃል፤ ተደጋጋሚ ጨርቅ ላይም ክሎኑ ይመቻል። አልፎ አልፎ የሚመጣልህ ከሆነና አብዛኛው የፊት ፎቶ ከሆነ አፊኒቲን አውርድ፤ ለካርድ አትጨነቅ። ጂምፕን የምመክረው ኮምፒውተሩ ላረጀበት ወይም ሊኑክስ ለሚጠቀም ሰው ነው። እሱም Wavelet-ኡን ትቶ በ Grain extract የሌየር ሁነታ ለሁለት ብቻ ቢከፍል ሥራው ይቀልለታል።

የትኛውንም ብትይዝ ከማተምህ በፊት አንድ ፍተሻ አድርግ። ከሁሉም በላይ ጊዜያዊ Levels ጨምርና ንፅፅሩን እስኪያስጠላ ድረስ ከፍ አድርገው። የተደበቀ ፊደል ካለ እዚያ ይወጣል። በዚህ ፎቶ ላይ ጆሮዋ አጠገብ የአንድ ፊደል ጭራ ቀርታ አገኘሁ። ጸዳች። ልጅየው ቅዳሜ መጥቶ ወሰደው። ቀሚሱን በጣቱ እየነካ አበባዎቹን ቆጠረ፤ ስለ ሎጎው ምንም አላለም።