በግድግዳ የሚሰቀል ወይስ ወለል ላይ የሚቆም የሽንት ቤት መቀመጫ? ሁለቱን ከዓመት በላይ ከተጠቀምን በኋላ

ሁለቱም መቀመጫዎች የተገጠሙት አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ ጂ ፕላስ ዋን ቤት፣ እድሳት ላይ ነው። ላይኛው ፎቅ ላይ ወለል ላይ የሚቆመው፣ ታች ደግሞ ታንኩ ግድግዳው ላይ በተሠራ ሳጥን ውስጥ የተደበቀው የሚሰቀል መቀመጫ አለ። ክፍሎቹ እኩል ናቸው፤ 1.20 ሜትር በ1.80 ሜትር። መቀመጫው የሚያርፈው ረጅሙ ግድግዳ ላይ ስለሆነ ፊት ለፊቱ የሚተርፈው ቦታ ከ1.20 ሜትሩ ላይ የሚቀነስ ነው።

ብዙ ሰው የሚሰቀለውን የሚመርጠው ቦታ ይቆጥባል ብሎ ነው። በሜትር ሲለካ ግን ነገሩ እንደሚወራው አይደለም። ላይ ያለው የሚቆም መቀመጫ ከነታንኩ ከግድግዳው 66 ሳ.ሜ ይወጣል፤ ፊት ለፊቱ 54 ሳ.ሜ ይቀራል። የሚሰቀለው መቀመጫ ብቻውን ሲታይ አጭር ነው፤ ነገር ግን ታንኩን የሚይዘው የብረት ፍሬም 12 ሳ.ሜ ያህል ውፍረት አለው። ጂብሰም ቦርዱና ሴራሚኩ ሲጨመሩበት ከግድግዳው ፊት ወደ 18 ሳ.ሜ የሚወጣ ሳጥን ይሆናል። በዚያ ላይ 54 ሳ.ሜ የሆነውን የተለመደ መቀመጫ ብትሰቅሉ ድምሩ 72 ነው፤ ከሚቆመው በ6 ሳ.ሜ ይብሳል። አጭሩን፣ 49 ሳ.ሜ የሆነውን ስንመርጥ 67 ላይ ደረስን። በሌላ አነጋገር እኩል ወጣን። ቦታ የሚተርፈው ፍሬሙ ግድግዳው ውስጥ ከገባ ብቻ ነው፤ 10 ሳንቲ ብሎኬት ውስጥ ደግሞ 12 ሳንቲ ፍሬም አይገባም። ወለሉ ከስር ባዶ ስለሚታይ ክፍሉ ሰፊ ይመስላል፣ ይህ እውነት ነው፤ ለጉልበት ግን ቦታ አይጨምርም።

ምርጫውን በእርግጥ የሚወስነው የፍሳሽ ቀዳዳው ነው። ላይኛው ፎቅ ላይ ባለ 110 ሚ.ሜ ቱቦው በሶሌታው በኩል ወደ ታች ይወርዳል፤ መሀሉ ከተጠናቀቀው ግድግዳ 30 ሳ.ሜ ይርቃል። ለሚቆም መቀመጫ ይህ ምቹ ነው፤ ሱቅ ውስጥ መውጫው 30 ሳ.ሜ ላይ የሆነውን መጠየቅ ብቻ ነው። (22 እና 25 የሆኑም ስላሉ ሳይለኩ መግዛት አያዋጣም።) ለሚሰቀለው ግን ቀዳዳው ከሳጥኑ ውጭ፣ በመቀመጫው ስር ወለሉ ላይ ይቀራል። ቱቦውን ለመሸፈን ሳጥኑን እስከ 38 ሳ.ሜ ማስወጣት ያስፈልጋል፤ ያኔ 49 ሳንቲው መቀመጫ ሲጨመር ፊት ለፊት የሚተርፈው 33 ሳ.ሜ ብቻ ነው፤ እዚያ ላይ ሰው አይቀመጥም። ሌላው አማራጭ ሶሌታውን እንደገና መብሳት ነው። ኮንዶሚኒየም ላይ ይህ ማለት የታችኛው ጎረቤት ኮርኒስ ስር ገብቶ ቱቦ መቀየር ማለት ስለሆነ፣ በእኛ እምነት እዚያ ላይ ጉዳዩ ያበቃል፤ የሚቆመውን ግዙ። ታች ያለው የተሰቀለው ከስር አፈር ስለሆነ ነው፤ ወለሉ ተቆፍሮ ቱቦው ወደ ግድግዳው ተጠጋና በ90 ዲግሪ ጎሚቶ ወደ ላይ ተነሳ።

ፍሬሙን ማሰር ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እነዚህ ፍሬሞች 400 ኪሎ እንዲሸከሙ ተብለው የሚሠሩ ናቸው፤ የሚሸከሙት ግን በትክክል ከታሰሩ ነው። ክብደቱን በዋናነት የሚቀበሉት ወለሉ ላይ የሚታሰሩት ሁለቱ እግሮች ናቸው። ሰው ሲቀመጥ ግን መቀመጫው ወደ ፊት ስለሚስብ የላይኞቹ ሁለት ማሰሪያዎች ከግድግዳው የመነቀል ኃይል ያርፍባቸዋል። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ተራ ፊሸር እዚያ አይይዝም። ሁለት መፍትሔ አለ፤ ወይ ማሰሪያው የሚያርፍባቸውን የብሎኬት ቀዳዳዎች ቀድሞ በኮንክሪት መሙላት፣ ወይ ብሎኑን አሳልፎ ከግድግዳው ጀርባ በብረት ሳህንና በዳዶ ማሰር። እኛ ጋ የተሞላው በኮንክሪት ነው፤ እስካሁን አልተንቀሳቀሰም። መላላት ሲጀምር መጀመሪያ የሚናገረው ከመቀመጫው በላይ ባለው ሴራሚክ መገጣጠሚያ ላይ የሚታይ ቀጭን ስንጥቅ ነው። ያን ካያችሁ ሲሊኮን አትቀቡበት፤ ችግሩ ከኋላ ነው።

ከፍታውም የሚለካው ከተጠናቀቀው ወለል ነው። ከጥሬው ሶሌታ ከተለካ ሞርታሩና ሴራሚኩ አራት አምስት ሳንቲ ይበላሉ፤ መቀመጫው ለልጆች የተሠራ ይመስላል። ብሎኖቹ የሚራራቁት ብዙ ጊዜ 18 ሳ.ሜ ቢሆንም 23 የሚፈልግ መቀመጫ ስላለ ፍሬሙና መቀመጫው በአንድ ጊዜ ቢገዙ ይሻላል።

የሚቆመው ላይ የምናስጠነቅቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በስሚንቶ አታስተክሉት። ስሚንቶው ሲደርቅ እግሩን ሊሰነጥቀው ይችላል፤ ቱቦው አንድ ቀን ቢደፈን ደግሞ ሳይሰበር አይነሳም። በሁለት ብሎን አስሮ ዙሪያውን ሲሊኮን መቀባትና ከኋላ በኩል ትንሽ ክፍተት መተው በቂ ነው። ክፍተቱ የሚጠቅመው ከስር የሚያፈስ ከሆነ ውሃው እንዲታይ ነው።

አጠቃቀም ላይ የሚሰቀለው በጽዳት ያሸንፋል፤ መወልወያ ከስሩ ያልፋል፣ አቧራና ሽታ የሚይዝ ጥግ የለም። ውሃ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ፈረቃው ሲረዝምና ሮቶው ሲያልቅ የሚቆመውን ታንክ ክዳን አንስቶ በጆግ መሙላት ይቻላል። የተደበቀው ታንክ የሚገለጥ ክዳን የለውም፤ ያለው ምርጫ ስድስት ሊትር ያህል በባልዲ በአንድ ጊዜ መቀመጫው ውስጥ ማፍሰስ ነው። በዝግታ ከፈሰሰ አይወስድም።

ውሃ ተቋርጦ ሲመለስ ይዞት የሚመጣው ደቃቅ አሸዋ ሁለቱንም ታንኮች ያስቸግራል። ማፍሰሱን ለማወቅ የመቀመጫውን የውስጥ ጀርባ አድርቃችሁ ሶፍት ለጥፉበትና ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፤ ከረጠበ እያፈሰሰ ነው። ቀጥሎ የውሃውን ቫልቭ ዝጉ። ፍሰቱ ወዲያው ከቆመ ችግሩ ታንኩን የሚሞላው መዝጊያ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ ወንፊቱን ማጠብ ያስተካክለዋል። ታንኩ እስኪያልቅ መፍሰሱ ከቀጠለ ግን የታችኛው ጎማ ነው።

ጎማውን ከተደበቀው ታንክ ለማውጣት ግድግዳ አይፈርስም። ውሃ ለመልቀቅ የሚጫኑት የሁለቱ ቁልፎች ሳህን ወደ ላይ ተገፍቶ ይነሳል፤ ከኋላው መከላከያው በሁለት ብሎን ተይዟል። ያ ሲወጣ ትንሹ የውሃ ቫልቭ ከውስጥ ይገኛል፤ እሱን ዘግቶ ውሃውን መልቀቅ ነው። ከዚያ የቁልፎቹ ማንሻ ይነቀላል፣ መልቀቂያው ተፈትቶ በዚያው መስኮት ይወጣል። ጎማው ከስሩ የተጠመጠመ ክብ ነው፤ ጠርዙ ላይ አሸዋ ወይም ነጭ የካልሲየም ቅርፊት ከያዘ በኮምጣጤ ይታጠባል፣ ከደነደነ ይቀየራል። እጁ ወፍራም የሆነ ሰው መስኮቱ ይጠበዋል።

የሚቆመው መለዋወጫ ማንኛውም የቧንቧ ዕቃ ሱቅ ውስጥ አለ። የተደበቀው ግን የራሱን ብራንድ ጎማና መዝጊያ ነው የሚቀበለው። ስለዚህ ፍሬሙን ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩ ጎማውን ከመደርደሪያ አውጥቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፤ «ይመጣል» ካለ ሌላ ብራንድ ፈልጉ። ካለው ሁለት ጎማና አንድ መዝጊያ አብራችሁ ግዙ፤ ሳጥኑ በቦርድ ከመዘጋቱ በፊትም ቱቦዎቹን ከሜትር ጋር ፎቶ አንሱ፤ በኋላ መስታወት ለመስቀል ግድግዳውን የሚበሳው ሰው ይፈልገዋል።