ኢሲጂ ወይስ ኢኮ? የሳንባ የደም ሥር ሲዘጋ የቀኝ ቬንትሪክልን ጫና የትኛው በደንብ ያሳያል

ለድንገተኛ ክፍል መሣሪያ የሚገዙ ባልደረቦች ደጋግመው የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፦ “ገንዘቡ የሚበቃው ለአንዱ ነው፤ አዲስ ኢሲጂ እንግዛ ወይስ ያገለገለ ኢኮ?” መልሱን አስቀድሜ ልናገር። ጨርሶ ኢሲጂ ከሌላችሁ እሱን ግዙ። የሚሠራ ኢሲጂ ካላችሁ ግን ሌላ ኢሲጂ አትጨምሩ፤ ገንዘቡን ለኢኮ አውሉት። በተለይ ሲቲ በሌለበት ወይም ታካሚው የሲቲውን ዋጋ መክፈል በማይችልበት ሆስፒታል፣ የሳንባ የደም ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ ውሳኔ የሚያሰጠው ኢኮ ነው።

ሁለቱም የሚፈልጉት ያንኑ ነገር ነው። የረጋው ደም የሳንባውን የደም ሥር ድንገት ሲዘጋው ቀኝ ቬንትሪክል ያልለመደውን ግፊት መግፋት ግድ ይሆንበታል። ግድግዳው ስስ ስለሆነ አይችለውም፤ ይለጠጣል፣ ሴፕተሙን ወደ ግራ ይገፋል፣ ግራው በቂ ደም ሳያገኝ ይቀርና የደም ግፊት ይወርዳል። ኢኮ ይህን በቀጥታ ያሳያል። ኢሲጂ የሚያሳየው የተለጠጠው ጡንቻ በኤሌክትሪኩ ላይ የተወውን አሻራ ነው፤ አሻራው ደግሞ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ሁሉም የሚያውቀው የኢሲጂ ምልክት ማክጊን እና ዋይት እ.ኤ.አ. በ1935 የገለጹት S1Q3T3 ነው፤ በሊድ I ጥልቅ S፣ በሊድ III ደግሞ Q እና የተገለበጠ T። በፈተና ላይ ስለሚጠየቅ ሰው ሁሉ እሱን ይፈልጋል። አብዛኞቹ ታካሚዎች ግን የላቸውም፤ አንዳንዱ ሌላ የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ አለው። ከሁሉ ይልቅ የሚታየው ተራ የልብ ምት መፍጠን ነው። ኢሲጂው ፍጹም ጤናማ የሚሆንበት ጊዜም አለ።

እኔ ከS1Q3T3 የበለጠ የማምነው ከV1 እስከ V4 የተገለበጠ Tን ነው። ይህ ጫናው ጠንከር ማለቱን ይጠቁማል፤ ወጥመዱም እዚሁ ነው። ደረቱን ያመመው ሰው እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ ሲመጣ የልብ ጡንቻ የደም እጥረት ነው ተብሎ ወደዚያ ይነዳል። መለያው ሊድ III ነው። Tው በV1 እና በሊድ III በአንድነት ከተገለበጠ ሐሳባችሁ ወደ ሳንባው ያዘንብል። አዲስ የቀኝ ቅርንጫፍ መዘጋት ወይም በV1 ላይ qR ሲታይ ደግሞ ታካሚው በቅርብ ክትትል ሥር ይሁን።

የኢሲጂ ስህተት ብዙውን ጊዜ ከማሽኑ ሳይሆን ከአለጣጠፉ ይመጣል። V1 እና V2 የሚለጠፉት በአራተኛው የጎድን አጥንት ክፍተት ላይ ነው። ተቻኩሎ በሁለተኛው ላይ ከተለጠፉ በV1 ላይ ትንሽ ሁለተኛ R እና የተገለበጠ T ይወጣል፤ ያልታመመ ቀኝ ቬንትሪክል የታመመ ይመስላል። የቀኝና የግራ እጅ ገመድ ሲቀያየር ሊድ I ተገልብጦ የልቡ አቅጣጫ ወደ ቀኝ የዞረ ይመስላል። ስለዚህ አስደንጋጭ ወረቀት ስታገኙ መጀመሪያ ሊድ I ላይ P ወደ ላይ መሆኑን አረጋግጡ፤ ቀጥሎ በጣታችሁ ጎድኑን ቆጥራችሁ ድጋሚ አንሱ። ርካሽ ተመሳሳይ ገመዶች ከመሰኪያው ሥር ውስጥ ውስጡን ስለሚበጠሱ መስመሩ ይዋዥቃል፤ ባለሙያው ማጣሪያውን ከፍ አድርጎ ሲያስተካክለው ትንንሽ ለውጦች አብረው ይጠፋሉ። ገመድ ስትገዙ ከዲፊብሪሌተር የሚከላከል መሆኑን ጠይቁ። ጄሉ የደረቀ ኤሌክትሮድ በዋጋ ቢረክስም ኪሳራ ነው።

ወደ ኢኮው ስንመጣ፣ ለዚህ ሥራ ሃያ ልኬት አያስፈልግም። መጀመሪያ በአራት ክፍል እይታ የሁለቱን ቬንትሪክሎች መሠረት ለኩ፤ ቀኙ ከግራው እኩል ወይም የበለጠ ከሆነ ተለጥጧል። ቀጥሎ በኤም-ሞድ የትራይከስፒድ ቀለበት ወደ ጫፉ የሚጓዘውን ርቀት ለኩ፤ ከ16 ሚሊሜትር በታች ከሆነ ቀኙ ደክሟል። በአጭር ዘንግ እይታ ሴፕተሙ ጠፍጥፎ ግራው ቬንትሪክል እንደ D ፊደል ከሆነ ጫናውን በዓይናችሁ አያችሁት። ታችኛው ደም መላሽ ከ21 ሚሊሜትር ሰፍቶ በአየር መሳብ ጊዜ ከግማሽ በታች ከቀነሰ የቀኙ ኤትሪየም ግፊት ከፍ ብሏል።

ማክኮኔል የሚባለው ምልክት፣ የቀኙ ግድግዳ መሃል ሳይንቀሳቀስ ጫፉ ብቻ የሚመታበት፣ ሲታይ በጣም ያግዛል። ነገር ግን የቀኝ ቬንትሪክል ኢንፋርክሽንም እንዲህ ሊመስል ይችላል፤ ለብቻው አትደገፉበት።

ኢኮ የሚያሳስትበት ዋና መንገድ እይታው ነው። ፕሮቡ ከልብ ጫፍ ወጣ ብሎ ከተቀመጠ ቀኙ ያለ ልክ ትልቅ ወይም ትንሽ ይመስላል። ግራው ቬንትሪክል ረጅም ሆኖ ጫፉ በምስሉ አናት ላይ እስኪቀመጥ ድረስ አትለኩ። ሌላው፣ ለእኛ አገር ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ፣ የቆየ ጫናን ከአዲስ መለየት ነው። የሩማቲክ የልብ ሕመም በበዛበት አገር የሚትራል ቫልቭ መጥበብ፣ ከቲቢ የተረፈ የሳንባ ጉዳትም፣ ቀኙን ለዓመታት ሊያስፋፋ ይችላል። ስለዚህ ሁልጊዜ ሚትራልን ተመልከቱ፤ የቀኙንም ግድግዳ ለኩ። ከ5 ሚሊሜትር ከወፈረ ጫናው ሰንብቷል። በትራይከስፒድ በኩል የሚመለሰው ደም ፍጥነት በሴኮንድ ከ3.8 ሜትር ካለፈም እንደዚሁ፤ ድንገት የተጫነ ቀኝ ቬንትሪክል ያን ያህል ግፊት መፍጠር አይችልም።

እስቲ በአንድ ታካሚ ላይ እንየው። በቀዶ ጥገና ከወለደች አሥረኛ ቀኗ የሆነ፣ የ34 ዓመት፣ 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት ትንፋሽ አጥሯት መጣች። የደም ግፊቷ 104/70፣ ምቷ 122፣ ኦክስጅኗ 88 በመቶ ነው። ኢሲጂው ከV1 እስከ V4 እና በሊድ III የተገለበጠ T አለው፤ S1Q3T3 የለም። እዚህ ላይ ብንቆም አስፕሪን ተሰጥቷት የልብ ሕመምተኛ ተብላ ልትተኛ ትችላለች። ኢኮው ቀኙን 44፣ ግራውን 36 ሚሊሜትር ያደርገዋል፤ ንጽጽሩ 1.2 ገደማ ነው። የቀለበቱ ጉዞ 13፣ የቀኙ ግድግዳ 4 ሚሊሜትር ሲሆን ሚትራሉ ጤናማ ነው። የሚመለሰው ደም ፍጥነት በሴኮንድ 3.1 ሜትር ስለሆነ በቀመሩ መሠረት በቀኙ ቬንትሪክልና በቀኙ ኤትሪየም መካከል ያለው የግፊት ልዩነት፦

```
4 × 3.1 × 3.1 = 38 mmHg
```

ቀኙ ተለጥጧል፣ ደክሟል፣ ግድግዳው ግን ስስ ነው፤ ይህ አዲስ ጫና ነው። ከዚያ ሊኒየር ፕሮብ ተሰክቶ የጭኗ ደም መላሽ ሲጫኑት አይከደንም፤ ውስጡ የረጋ ደም አለ ማለት ነው። ሲቲ ባይኖርም ሕክምናው እዚህ ይጀመራል፦ ኢኖክሳፓሪን በኪሎ 1 ሚሊግራም፣ ማለትም 60 ሚሊግራም በየ12 ሰዓቱ፣ ኩላሊቷ ደህና ከሆነ። ትሮፖኒኗ ከፍ ካለ ከመካከለኛው አደጋ ከፍተኛው ክፍል ውስጥ ናት፤ ክትትል በሚደረግበት አልጋ ትተኛ። ግፊቷ ደህና እስከሆነ ድረስ ግን ኢኮው አስፈሪ ስለሆነ ብቻ የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አይሰጣትም፤ እንዲህ ባሉ ታካሚዎች መድኃኒቱ የደም ግፊት መውደቅን ቢቀንስም ከባድ መድማትንና የአንጎል ደም መፍሰስን ይጨምራል። ለእሷ ደግሞ ቀዶ ጥገናው ገና ሦስት ሳምንት አልሞላውም። የላይኛው ግፊት ከ90 ወርዶ ከቀረ ውሳኔው ከማኅፀን ሐኪሙ ጋር እንደገና ይታያል። ፈሳሽም በብዛት አይፈስላት፤ የተለጠጠውን ቀኝ ይባስ ይለጥጠዋል።

ለሁለቱም ወገን ገደቡን ልንገራችሁ። ግፊቱ ደህና በሆነ ታካሚ ኢኮው ጤናማ መሆኑ በሽታውን አያስቀርም፤ ትንሽ የረጋ ደም ቀኙን ላያስጨንቅ ይችላል። ሾክ ውስጥ ባለ ታካሚ ግን ቀኙ ጤናማ ከሆነ የሾኩን መንስኤ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ይህን ያህል የሚያስወስን ነገር ከኢሲጂ አታገኙም።

አሁን ወደ ዋጋው። ለአንድ ታካሚ የሚወጣው ወጪ ሁለቱንም አያለያይም፤ አንዱ ወረቀትና ኤሌክትሮድ፣ ሌላው ጄል ነው። የኢኮ ዋጋ ያለው ማሽኑና ፕሮቡ ላይ ነው። በእጅ የሚያዘው በተርፍላይ እ.ኤ.አ. በ2018 ገደማ በ2,000 ዶላር አካባቢ ገበያ ሲገባ ብዙ ሰው ጉዳዩ ያለቀ መሰለው። ስትገዙ ግን የየዓመቱን የአባልነት ክፍያ፣ ስልኩን ወይም ታብሌቱን፣ ባትሪውንም ደምሩ። ለመጠንና ለቀለበቱ ጉዞ በእጅ የሚያዘው በቂ ነው፤ የሚመለሰውን ደም ፍጥነት ለመለካት የሚያስፈልገው ተከታታይ ዶፕለር ግን ብዙዎቹ ላይ የለም። አዲሱን ጫና ከሰነበተው መለየት ለእናንተ ዋና ጉዳይ ከሆነ፣ ለእኔም ነው፣ ያገለገለ ባለ ጎማ ማሽን ይሻላችኋል።

ያገለገለውን ስትገዙ ሻጩ በቅናሽ የሚያቀርበው ብዙ ጊዜ ባለ ሆድ ፕሮቡን ነው። እሱ ለሆድና ለእርግዝና ነው፤ ፊቱ ሰፊ ስለሆነ በጎድን መካከል አይገባም። ትንሽ ፊት ያለው የልብ ፕሮብ ከነማሽኑ መሆኑን ሳታዩ ቅድሚያ ክፍያ አትክፈሉ፤ ለብቻው ሲገዛ ቅናሹን ሁሉ ሊበላው ይችላል። ከዚያ ማሽኑን አብርታችሁ ሊኒየር ፕሮቡን ያለ ጄል በአየር ላይ ያዙት። ከምስሉ አናት ወደ ታች የሚወርድ ጥቁር ሰንጥቅ ካለ የሞተ ክሪስታል አለው። የጥርጣሬውን ቦታ ለማረጋገጥ የወረቀት መያዣ ሽቦ ጫፍ በፕሮቡ ፊት ላይ ቀስ ብላችሁ ጎትቱ፤ በምስሉ ላይ አብሮ የሚሄደው መስመር የጠፋበት ቦታ የሞተው ነው። የልብ ፕሮቡ ግን እያንዳንዱን የምስል መስመር በሁሉም ክሪስታሎች ስለሚሠራ የሞተ ክሪስታል በዚህ ፍተሻ ሊያመልጥ ይችላል፤ እሱን በሰው ላይ አድርጋችሁ የምስሉን ጥራት ተመልከቱ። ገመዱን ከፕሮቡ አንገት ሥር አጥፋችሁ እያዩ ምስሉ ብልጭ ድርግም ካለ የውስጡ ሽቦ ተበጥሷል። በፕሮቡ ፊት ላይ ስንጥቅ ካለ ደግሞ፣ ጄልና ፈሳሽ ስለሚገባበትና ታካሚውንም ለኤሌክትሪክ ስለሚያጋልጥ፣ ምስሉ ጥሩ ቢሆንም ተዉት።