ያልተበረዘ ወይስ ተበርዞ የመጣ? የራዲያተር ኩላንት ለአዲስ አበባ መኪና

ሶማሌ ተራ አንዱ መለዋወጫ ሱቅ ገብተው «ኩላንት አለ?» ሲሉ ሻጩ «አረንጓዴ ነው ቀይ?» ይልዎታል። ቀለሙ ማቅለሚያ ብቻ ነው። አንዱ ፋብሪካ አረንጓዴ የሚያደርገውን ሌላው ሰማያዊ ያደርገዋል። ጀሪካኑን አዙረው መጀመሪያ የሚያዩት ሌላ ነገር ነው። ውስጡ ያለው ያልተበረዘ ነው ወይስ ከነውሃው ተበርዞ የመጣ?

ያልተበረዘው በአብዛኛው ኤቲሊን ግላይኮልና ዝገት መከላከያ ነው። ውሃውን የሚጨምሩት እርስዎ ነዎት። ተበርዞ የመጣው ብዙ ጊዜ ግማሽ በግማሽ ስለሆነ እንዳለ ይሞላል። በሊትር ሲታይ ያልተበረዘው ይወደዳል። ግን አንዱ ሊትር ሁለት ይወጣዋል። ስለዚህ የአንድ ሊትሩን ዋጋ ከሁለት ሊትር ብርዝ ጋር ያወዳድሩ።

ቅዝቃዜው ብዙ አያስጨንቅም። ግማሽ በግማሽ የተበረዘ ኤቲሊን ግላይኮል እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች በረዶ አይሆንም። አንድ ሦስተኛ ብቻ ቢሆን እንኳ እስከ 17 ገደማ ይችላል። ታኅሣሥ ላይ ደብረ ብርሃን ውርጭ ውስጥ ለሚያድር መኪና ይኸው ከበቂ በላይ ነው። «ውሃ የሚሉት ነገር ሳይነካው ልሙላው» የሚል ሰውም አይጠፋም። አያዋጣም። ንጹሁ ግላይኮል ከዜሮ በታች 13 ላይ ይረጋል፤ ሙቀት የመሸከም አቅሙም ከውሃ ያንሳል።

መሃል አዲስ አበባ ላይ ገንዘቡን የሚከፍሉት ለመፍላቱ ነው። ከተማው ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ኩላንቱን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው ቴርሞስታት ደግሞ በብዙ መኪና የሚከፈተው ከ82 እስከ 88 ባለው ውስጥ ነው። ልዩነቷ ጠባብ ናት። ግማሽ በግማሽ ብርዝ መፍያውን ወደ 100 ያደርሰዋል። ከዚያ በላይ የሚያነሳው የራዲያተሩ ክዳን ነው። 0.9 ባር የተጻፈበት ጤነኛ ክዳን ከ20 ዲግሪ በላይ ይጨምራል። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ግን ውድ ኩላንት ሞልተውም ከለገሃር ወደ ፒያሳ ሽቅብ በሚጨናነቅበት ሰዓት መኪናው ሊያፈላ ይችላል። ኩላንት ሲገዙ ክዳኑንም ያሳዩ።

አሁን ወደ ምርጫው። ስድስት ሊትር የሚይዝ፣ ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ሲጠጣ የኖረ መኪና አለ እንበል። መካኒኩ በውሃ አጥቦ፣ የመጨረሻውን እጣቢ በተጣራ ውሃ አድርጎ፣ ራዲያተሩን ከታች ከፍቶ አፈሰሰው። አራት ሊትር ወጣ። ሁለቱ ሞተሩ ውስጥ ቀረ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። አራት ሊትር ብርዝ ቢሞሉበት ከዚያ ውስጥ ግላይኮሉ ሁለት ሊትር ብቻ ነው፤ ከቀረው ውሃ ጋር 33 በመቶ ይሆናል። ለብርዱ ይበቃል፤ ዝገት መከላከያው ግን ሳስቷል። ጀሪካኑ ላይ የተጻፈው ዕድሜ ለዚህ አይሠራም።

ለእንዲህ ያለው መኪና ያልተበረዘውን ይግዙ። ሞተሩ በርዶ እያለ ሦስት ሊትር ኩላንት መጀመሪያ ይግባ፣ ከዚያ አንድ ሊትር የተጣራ ውሃ። ሦስት ለሦስት ሆነ ማለት ነው። ውሃው ለባትሪ የሚጨመረው የተጣራው ይሁን፤ አሲዱን እንዳይሰጡዎት ይጠንቀቁ። የቧንቧ ውሃ ውስጡ ባለው ማዕድን ቀጫጭን ቱቦዎቹን ቀስ በቀስ ይደፍናል። ከዚያ የካቢኑ ማሞቂያ ሙቅ ላይ ሆኖ ሞተሩ ይነሳ። ቴርሞስታቱ ሲከፈት አየሩ ይወጣና መጠኑ ይወርዳል። የጎደለውን ሲሞሉ ክዳኑን የሚከፍቱት ሞተሩ ከበረደ በኋላ ነው።

ተበርዞ የመጣውን የምመርጠው መኪናው ውስጥ ትክክለኛ ብርዝ ካለና ትንሽ ጎድሎ ከሆነ ነው፤ ዓይነቱ ግን ከነበረው ጋር አንድ ይሁን። «ዛሬን ውሃ ልጨምርበት» ይባላልና ሒሳቡን ይዩት። ከስድስቱ አንድ ሊትር ፈስሶ ውሃ ቢተካ ግማሽ የነበረው 42 በመቶ ይሆናል። ሌላ ሊትር ቢደገም 35። በየጊዜው ከጎደለማ ችግሩ ኩላንቱ ስላልሆነ ፓምፑን፣ ቱቦዎቹንና የቴስታታ ጓርኒሲዮኑን ያስፈትሹ።

ብርዙ መሳሳቱን ቀለም አይነግርዎትም። አንድ ጠብታ ጠብ አድርገው በዓይን የሚያዩበት ሪፍራክቶሜትር የሚባል መሣሪያ አለ፤ የባትሪ አሲድም ይለኩበታል። ኳሶች የሚንሳፈፉበት ርካሹ መለኪያ ለኤቲሊን ግላይኮል ይሠራል። በፕሮፒሊን ግላይኮል የተሠራ ኩላንት ላይ ግን ይዋሻል።

የተረፈዎትን ሃይላንድ ውስጥ አያስቀምጡ። ኤቲሊን ግላይኮል ጣፋጭ መርዝ ነው፤ ልጅም ውሻም ይጠጣዋል። በራሱ ጀሪካን፣ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ።