ከጥግ ወደ ጥግ፦ በአየር ቀጥታ ወይስ በገጹ ላይ?

6 ሜትር ርዝመት፣ 4 ሜትር ስፋት፣ 3 ሜትር ከፍታ ያለው ክፍል እንውሰድ። ከወለሉ አንድ ጥግ ተነስተን ከጣሪያው በሰያፍ ተቃራኒ ወደሆነው ጥግ እንሂድ።

በአየር ቀጥታ። √(6² + 4² + 3²) = √61፤ ወደ 7.81 ሜትር ነው። የቁጥሮቹ ቅደም ተከተል ለውጥ ስለማያመጣ መሳሳት ይከብዳል።

በገጹ ላይ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ወለሉን በሰያፍ አቋርጦ ጥጉ ላይ ቀጥ ብሎ መውጣት አጭር ይመስላል። ግን 7.21 + 3 = 10.21 ሜትር ይሆናል። የተሻለው ዘዴ ግድግዳውን ወደ ውጭ አጥፎ ከወለሉ ጋር ዝርግ ማድረግና ቀጥታ መስመር ማስመር ነው። የመዘርጊያ መንገዱ ግን ሦስት ዓይነት ነው፦

√(6² + (4+3)²) = √85፣ ወደ 9.22
√(4² + (6+3)²) = √97፣ ወደ 9.85
√(3² + (6+4)²) = √109፣ ወደ 10.44

ሁልጊዜ ረጅሙን ለብቻው ትታችሁ ሁለቱን አጫጭር ደምሩ። ምክንያቱም ቅንፉ ሲፈታ በ61 ላይ የሚጨመረው የሁለቱ ተደማሪዎች ብዜት እጥፍ ነው። ከሁሉም ትንሹ ደግሞ 2 × 4 × 3 = 24 ነው።

መስመሩ ከወለል ወደ ረጅሙ ግድግዳ የሚሻገረው በጠርዙ መሀል አይደለም። ከመነሻው ጫፍ አንስቶ በ6 × 4/7፣ ማለትም 3.43 ሜትር ገደማ ላይ ነው።

ቀጭን ዘንግ ክፍሉ ውስጥ ይገባ እንደሆነ ለማወቅ 7.81 ይበቃል። ወለልና ግድግዳ ላይ ለሚለጠፍ ገመድ ግን 9.22 ያስፈልጋል። በር ወይም መስኮት መስመሩ ላይ ካለ ሁለተኛውን መዘርጊያ ሞክሩ።