«ባለ ሴንሰር ፕሬስ» ሲሏችሁ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ሞክሩ

ያገለገለ ፕሬስ ማሽን ለመግዛት ያሰባችሁ የወርክሾፕ ባለቤቶች፣ ይህን ለእናንተ ነው የምጽፈው። «በሩ ሲከፈት በራሱ ይቆማል» እየተባለ በተጨማሪ ዋጋ የሚሸጥ ማሽን አለ። እባካችሁ አትቸኩሉ።

አንድ የማውቀው ወንድም የበር ማጠፊያ ያመርታል። ሥራው 2 ሚሊ ውፍረት ያለውን ላሜራ በረጅሙ ቆርጦ፣ ወደ ዳዩ እየገፋ መብሳት ነው። ሻጩ በእግር ፔዳል የሚሠራ ፕሬስ አሳየው። ከፊቱ የሚከፈት የወንፊት በር ተገጥሞለታል። በሩ ላይ ስዊች አለ። ሻጩ በሩን ከፈተ፣ ሞተሩ ጠፋ። ዘጋው፣ ሞተሩን እንደገና አስነሳው። ለዚህ በር ብቻ ጠቀም ያለ ገንዘብ ጨምሮ ተቀበለው።

ሥራ ሳይጀምር እንዳይለት ጠራኝ። ሰው ሁሉ ከማሽኑ እንዲርቅ አደረግንና በሩን ከፈትን። ሞተሩ ወዲያው ጠፋ። ትንሽ ቆይተን ፔዳሉን በረጅም እንጨት ተጫንነው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ሞተሩም ጠፍቶ፣ የላይኛው ዳይ በሙሉ ኃይሉ ወርዶ መታ። እዚያ ውስጥ የሰው እጅ ቢኖር ኖሮ ጣት አይተርፍም ነበር።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፕሬሱን የሚያስመታው ሞተሩ ራሱ ሳይሆን በጎን የሚሽከረከረው ከባዱ ፍላይዊል ነው። ሞተሩ ቢጠፋም ፍላይዊሉ ወዲያው አይቆምም። ስዊቹ ግን የተገናኘው ከሞተሩ ጋር ብቻ ነው። ፔዳሉንና ፍሪሲዮኑን አይነካም።

ከዚህም የባሰ አለ። የዚህ ማሽን ፍሪሲዮን በቁልፍ የሚነክስ ዓይነት ነው። አንዴ ከነከሰ ሙሉ ዙሩን ሳይጨርስ አይለቅም። ዳዩ መውረድ ከጀመረ በኋላ በሩን ብትከፍቱትም መሃል ላይ የሚያስቆመው ነገር የለም። በአየር ግፊት የሚሠራ ፍሪሲዮንና ጥሩ ፍሬን ያለው ፕሬስ ግን መሃል ላይ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ሻጩን አንድ ነገር ጠይቁት፤ ዳዩን ግማሽ መንገድ ላይ አቁመህ አሳየኝ በሉት። ካልቻለ፣ በር ከፍቶ እጅን ለማስገባት የሚያስችል ጥበቃ እየሸጠላችሁ አይደለም።

መሃል ላይ የሚቆም ቢሆንም ፍጥነቱ ይለካል። የሰው እጅ በሰከንድ 1.6 ሜትር ይሄዳል ተብሎ ነው የሚሰላው። ማሽኑ ለመቆም ሩብ ሰከንድ ከፈጀበት እጅ በዚያ ጊዜ 40 ሳንቲም ይገባል። በሩ ከዳዩ ከዚያ በታች ርቀት ላይ ካለ፣ ዳዩ እስኪቆም ድረስ ተቆልፎ መቆየት አለበት።

ለዚህ ወንድም ሥራ የሚያስፈልገው ግን በር አልነበረም። ላሜራው ረጅም ነው፣ በጠባብ ቀዳዳ ይገባል። የተበሳው ቁራጭ በታች ይወድቃል። እጅ ወደ ውስጥ የሚገባበት ምክንያት የለም። ስለዚህ በብሎን የታሰረ፣ ያለ መፍቻ የማይከፈት ቋሚ መከለያ ሠራንለት። ዙሪያውን ሁሉ ዘጋነው፣ ለላሜራው 6 ሚሊ ከፍታ ያለው ክፍተት ብቻ ተውን። በዚህ ክፍተት የጣት ጫፍ ቢገባ ነው። ክፍተቱ ሲሰፋ መከለያው ከዳዩ መራቅ አለበት፤ ለ10 ሚሊ ቢያንስ 8 ሳንቲም፣ ለ20 ሚሊ ደግሞ 12 ሳንቲም። ጠቅላላ ወጪው ለበሩ ከጨመረው ገንዘብ በብዙ ያነሰ ነበር።

ቋሚ መከለያ የማይሆነው እያንዳንዱን ቁራጭ በእጅ አስገብቶ በእጅ ማውጣት ሲያስፈልግ ነው፣ ለምሳሌ ማጠፊያውን ስትጠቀልሉ። በቁልፍ በሚነክስ ፕሬስ ይህን ከሠራችሁ፣ ቁራጩ ከውጭ ተቀምጦ በመግፊያ ተንሸራቶ የሚገባበትን መንገድ ሥሩለት። ወረንጦ ብቻውን ጥበቃ አይደለም፤ ሠራተኛው ሲደክመው በጣቱ ያነሳዋል።

«እንደ ዳዩ መጠን የሚስተካከል» የሚባለውንም ለፕሬስ አልመክርም። ለትልቅ ዳይ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ለትንሹ የሚያጠብበው ሰው አላየሁም። የሚስተካከል መከለያ ቦታው መጋዝ ላይ ነው። የእንጨቱ ውፍረት በየጊዜው ይለያያል፣ ምላጩ ደግሞ እየታየ መቁረጥ አለበት። የክብ መጋዝ ስትገዙ ከላይ እንጨቱ ላይ የሚያርፍ ክዳን፣ ከኋላ ደግሞ የተቆረጠው እንጨት ተመልሶ ምላጩን እንዳይጨብጥ የሚይዝ ቢላ መሳይ ብረት መኖሩን እዩ። ከጠረጴዛው በታች ያለው ምላጭና ቀበቶው ግን በቋሚ መከለያ ይዘጋ።

ስዊች ያለው ማንኛውንም በር ስታዩ ደግሞ የስዊቹን አዝራር በጣታችሁ ተጭናችሁ ያዙት። በሩ ተከፍቶ ማሽኑ የሚነሳ ከሆነ፣ አንድ ቁራጭ ፕላስተርም ያታልለዋል። ደረሰኙ ላይ የፍሪሲዮኑን ዓይነት አስጽፉ፣ የፔዳሉን ሙከራም ክፍያው ከመፈጸሙ በፊት በሻጩ ፊት አድርጉት።