ከኮምቦልቻ ዱባይ፦ አንድ ትኬት ወይስ እስከ ቦሌ በመኪና?

ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ከኮምቦልቻ ተነስቶ ዱባይ የሚያደርስ አንድ ትኬት ነው። ሌላው አዲስ አበባ በመኪና ገብቶ ከቦሌ በርካሽ ትኬት መብረር።

ዋጋ፦ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥር ይሸውዳል። ለማሳያ ያህል፣ አንዱ ትኬት ሻንጣን ጨምሮ 26,000 ብር፣ የቦሌው 20,000 ብር ይሁን። ርካሹ ብዙ ጊዜ የእጅ ሻንጣ ብቻ ነው የሚፈቅደው። ለሻንጣ 4,500፣ ለመኪናና ለአንድ አዳር 2,500 ሲጨመር 27,000 ገባ። መቀመጫ መምረጥ ካማራችሁ ደግሞ ለየበረራው ይከፈላል፤ ዝም ካላችሁ ግን ቼክ ኢን ላይ በነፃ ይመደብላችኋል። የሻንጣውን ቀድማችሁ ክፈሉ፤ ኤርፖርት ላይ ይወደዳል።

ቀን፦ ሁለቱንም በአንድ ቀን አስተያዩ። የአንዱን የማክሰኞ ከሌላው የዓርብ ጋር ማወዳደር ዋጋ የለውም።

ስጋት፦ በአንድ ትኬት የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ቀጣዩ ቢያመልጣችሁ፣ አየር መንገዱ በሌላ በረራ ያሳፍራችኋል። መንገድ ተዘግቶ ቦሌ ካረፈዳችሁ ግን ትኬቱ ተቃጠለ።

አዲስ አበባ ማደሪያ ዘመድ ያለውና ቦርሳ ብቻ የያዘ በቦሌው ያተርፋል። ሻንጣ ለሚያበዛ አንዱ ትኬት ይሻላል።